ዲሞ ሰጥቼ አልተመረጥኩም፤ ምክንያቱን ልጠይቅ ወይስ ልተወው?

ይህን ጥያቄ እዚህ የለጠፍኩት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። መልሱ ሃያ አምስት ደረሰ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ስለሚደግም፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። ስም አልጠራሁም። የተሳሳትኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መነሻው

ባዮሎጂ ነው ያጠናሁት፤ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህር ፈልጎ አመለከትኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩና ለዲሞ ተጠራሁ። ሃያ ደቂቃ ተሰጠኝ፤ ርዕሱ ኦስሞሲስ። ክረምት ስለሆነ ተማሪ የለም። አራት ሰዎች ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተማሪ ሆኑልኝ፦ ዩኒት ሊደሩ፣ የባዮሎጂ ዲፓርትመንት ኃላፊዋ፣ አንድ የኬሚስትሪ መምህርና ከሰው ኃይል የመጣች ልጅ። እኔም ድንችና ጨው ይዤ ነበር የሄድኩት።

በስድስተኛው ቀን ከሰው ኃይል አጭር የስልክ መልእክት መጣ። ስለተሳተፍኩ ያመሰግናል፤ ለጊዜው አልተመረጡም ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ማታውኑ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ፦

«ጉዳዩ፦ ያልተመረጥኩበት ምክንያት እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በትምህርት ቤታችሁ ባወጣችሁት የባዮሎጂ መምህርነት የሥራ መደብ ተወዳድሬ የጽሑፍ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፍኩ ሲሆን፣ ዲሞውንም በተገቢው ሁኔታ ያቀረብኩ ሆኖ ሳለ አለመመረጤ ስለተገለጸልኝ፣ ያልተመረጥኩበት ምክንያትና ድክመቶቼ በዝርዝር ተገልጸው እንዲሰጡኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

ከዚህ በታች ስለ ልምዴና ስለ ዲግሪ ውጤቴ ሌላ ግማሽ ገጽ አለ። ገና አልላክሁትም። ልላከው? ከተላከስ ለማን?

ቁጥር 1

ዝም ብለሽ ላኪው አለኝ። የሚጎድልሽ ነገር የለም፣ መልስ ካጡም ያጡት እነሱ ናቸው ባይ ነው።

ቁጥር 2

ጥያቄዬን ቅሬታ አድርገው ነው ያነበቡት። ሰሜን ሸዋ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጌ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዳስገባ፣ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም አስመትቼ እንዳስቀር መከሩኝ። ከዚያ የራሳቸውን ታሪክ ጀመሩ። ተወዳድረው ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የፈተና ነጥባቸው ወደ ወረቀቱ ሲገለበጥ ተሳስቶ አገኙት። በማግሥቱ ቅሬታ አስገቡ፤ ተስተካክሎላቸው ከተጠባባቂነት ወደ ተመራጭነት ወጡ። ታሪኩ ጥሩ ነው። የእኔ ትምህርት ቤት ግን የግል መሆኑን አላዩትም።

ቁጥር 3

የቁጥር 2ን ስህተት ተንተርሶ የደብዳቤዬን ችግር ያወጣው ይህ ሰው ነው። የመንግሥት ቅጥር ላይ ነጥብ ይለጠፋል፤ ስለዚህ የምትጠይቂው መብትሽን ነው፣ የምትከራከሪበትም ቁጥር አለ። የግሉ ጋ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ማንም አያሳይሽም። እዚያ የምትጠይቂው ውለታ ነው። ተገልጸው እንዲሰጡኝ የሚለው አነጋገር መዝገብ ቤት ላለው መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ነው፤ የግል ትምህርት ቤት ሲያነበው ክስ ሊከተል ነው ብሎ ይደነግጣል አለ። «ሆኖ ሳለ» የምትለዋን ቃል ለብቻዋ አውጥቶ ሳቀባት። እውነቱን ነው፤ እኔም ሳነበው የጠበቃ ጽሑፍ መሰለኝ።

ቁጥር 4

አሠሪው ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ አዋጁ ላይ አለ አለኝ። የአዋጅ ቁጥርም ጠቀሰ፤ 1156/2011።

ቁጥር 5

ኮስተር ያለች መልስ ናት። አዋጁ ላይ በጽሑፍ ምክንያት ይገለጽ የሚለው ለሚሰናበት ሠራተኛ ነው፤ ለመሰናበት ደግሞ መጀመሪያ መቀጠር ያስፈልጋል አለች። አዋጅ ሳያነቡ ቁጥር መጥራት ሰው ያሳስታል ብላ ጨመረች። ቁጥር 4 ለዚህ መልስ አልሰጠም። በኋላ ግን በሌላ ጉዳይ ይመለሳል።

ቁጥር 6

እስካሁን ደጋግሜ የማነበው ይህን ነው። ጸሐፊዋ አሥራ አንድ ዓመት ዲሞ ስትገመግም የኖረች የዲፓርትመንት ኃላፊ ናት፤ የትምህርት ቤቷን ስም አልተናገረችም።

ዲሞ እንዳለቀ ምን እንደሚሆን ከውስጥ ሆና ነገረችን። እያንዳንዱ ገምጋሚ አንድ ገጽ ቅጽ ይዞ ይቀመጣል። አጀማመር፣ የትምህርቱን ይዘት ማወቅ፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ ተማሪ ማሳተፍ፣ ቋንቋ፣ ጊዜ አጠቃቀም፣ አጨራረስ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። ጠርዙ ላይ ደግሞ በእርሳስ አንዳንድ ነገር ይጫጫራል። ነጥቡ ተደምሮ ለሰው ኃይል ይሄዳል። የእርሳሱ ጽሑፍ ግን የትም አይሄድም። ለእኔ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ያለው ደግሞ ገምጋሚዎቹ ጋ እንጂ ሰው ኃይል ጋ አይደለም።

ስለዚህ ሰው ኃይልን ለምን ብዬ ብጠይቅ የምታየው ድምር ብቻ ነው። የተሻለ ልምድ ያለው ሰው አገኘን ትለኛለች፤ ሌላ የምትለው ነገር ስለሌላት። የባዮሎጂ ኃላፊዋን ብጠይቅ ግን ታስታውሳለች። ያውም በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ከሆነ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ለአንድ ቦታ ስምንት ዘጠኝ ሰው ያዩበት ጊዜ አለ፤ ሳምንት ካለፈ ኦስሞሲስ ያስተማረችው የትኛዋ ነበረች ይባላል።

ሁለተኛው ነጥቧ ስለ ጥያቄው ነው። ለምን አልተመረጥኩም ለሚለው መመለስ አትችልም። መልሱ ውስጥ ሌላው ተወዳዳሪ አለ፣ የደመወዝ ጉዳይ አለ፣ የዳይሬክተሩ ውሳኔ አለ፤ ስለ አንዱም የመናገር ሥልጣን የላትም። ዲሞው ላይ እዚህ ቦታ ምን ባደርግ ይሻል ነበር ለሚለው ግን ሻይዋን እየጠጣች ትመልሳለች። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፣ እሱም ስለ አንድ ደቂቃ ይሁን፣ ስለ ራሴ ደግሞ ምንም አልጻፍ አለች። ሲቪዬን አይተውታል።

ቁጥር 7

ኃላፊዋን በምን አገኛታለሁ ብዬ ሳልጠይቅ መልሱን የሰጠኝ ልጅ ነው። ስልኳን ከሰው ፈልጌ እንዳልደውል አስጠነቀቀኝ። እሱ አንዴ እንዲህ አድርጎ ስልኬን ማን ሰጠህ ተብሏል። መልእክቱ በመጣበት ስልክ ላይ መልሼ፣ ይቺ ለባዮሎጂ ኃላፊዋ ብትደርስልኝ ብዬ ልላከው። የሰው ኃይሏ ልጅ አጭር ከሆነ ገልብጣ ታስተላልፈዋለች፤ አንድ ገጽ ከሆነ ግን ለአለቃዋ ታሳያለች፣ እዚያ ይቀራል።

ቁጥር 8

ይህ ሁሉ ልመና ነው አለ። ገፍቶ ያስወጣሽ ቤት ደጅ ቆመሽ ምን ጎደለኝ ማለት ምን ይሉታል? መምህርነት እንዲህ የተናቀው እኛው ራሳችንን ስላዋረድን ነው። አነጋገሩ ከዚህም የባሰ ነበር፤ እኔ ቀንሼለታለሁ።

ቁጥር 9 እና 10

ዘጠኝ ለስምንት መለሰች፤ ለስላሳ አልነበረችም። ተማሪ ፈተና ወድቆ ወረቀቴን ላየው ሲልህ ልመና ነው ትለዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ቀጥሎ ነገሩ ወደ እናት ስድብ ሊሄድ ሲል አስተዳዳሪው በቁጥር 10 ገብቶ ሁለት መስመር ሰረዘ።

ቁጥር 11

ለንደን የሚኖር ሰው ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል። እዚያ ጠዋት እውነተኛ ክፍል ገብተሽ ታስተምሪያለሽ፣ ከቀትር በኋላ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ማታውኑ ተደውሎ ውጤቱና አስተያየቱ አንድ ላይ ይነገርሻል አለ። የቃለ መጠይቅ ማስታወሻቸውንም በግል መረጃ ሕጉ በኩል መጠየቅ ይቻላል፤ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። ነገር ግን እሱ ራሱ አንዴ ጠይቆ ያገኘው ወረቀት ላይ ካሉት አሥር ቃላት ሰባቱን ማንበብ አልቻለም። ስልኩ ይሻላል አለ። እኛ አገር ደዋይ የለም ያለው ቁጥር 8 ነው፤ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

ቁጥር 12 እስከ 14

አንድ የጂማ መምህር መጣና ማስታወሻውን ተይው፣ ድንቹን ንገሪኝ አለኝ። በስንተኛው ደቂቃ ውሃ ውስጥ ገባ?

ቁጥር 13 የእኔ መልስ ነው። መግቢያው አምስት ደቂቃ ፈጀ። በስድስተኛው ደቂቃ ድንቹን እንደ ጣት አድርጌ ሁለት ቦታ ቆረጥኩ፤ አንዱን ንጹሕ ውሃ፣ አንዱን ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ከተትኩ። እየጠበቅሁ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ሠራሁ። በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ አወጣሁት። ዩኒት ሊደሩ የጨው ውሃውን ድንች በሁለት ጣቱ ይዞ ሊያጥፈው ሞከረ። ድንቹ እንደ እርሳስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ የነበረውም ያው ነው። ፈገግ ብሎ ዴስኩ ላይ አስቀመጠው፤ እጁን በመሐረብ ሲጠርግ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም።

በቁጥር 14 የጂማው ሰው ሒሳቡን ሠራው። አሥራ አንድ ደቂቃ አይበቃም። እንደ ጣት የወፈረ ድንች ልፍስፍስ እስኪል ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እሱ ክፍል ከመግባቱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ አንድ ጥንድ ነክሮ ይመጣል። ተማሪ ፊት ሌላ ጥንድ ይነክራል፣ የቆየውን ከቦርሳው አውጥቶ ያስነካቸዋል። ውፍረቱንም ከእርሳስ ያሳንሳል። ስለዚህ የተጣልሽው ጊዜ አጠቃቀም ላይ ነው፣ ጥያቄሽም ስለ እሱ ይሁን አለ። ሁላችንም ተስማማን። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ቁጥር 15 እስከ 18

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ቁጥር 15 ዲሞ ብለው ሳምንት ሙሉ በነጻ ያስተማረባቸውን ትምህርት ቤት አነሳ፤ የክረምት ማጠናከሪያ ክፍል ሰጥተውት ሳምንቱ ሲያልቅ አመስግነው ሸኙት። ቁጥር 16 ውሏ የአሥር ወር ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ እንደሌላት ተናገረች። ቁጥር 4 ተመልሶ መጣና ይህ ከአዋጁ ጋር ይጋጫል ማለት ጀመረ፤ ቁጥር 5 የትኛው አንቀጽ ብላ አፋጠጠችው። የእኔ ማስታወሻ ተረሳ። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

ቁጥር 19

ቁጥር 6 ተመለሰች። ደብዳቤዬን ጥላ በአዲስ ጻፈችው፤ እኔ ሁለት ቃል ብቻ ነው የቀየርኩት። የተላከው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የኦስሞሲስ ዲሞ ያቀረብኩት አመልካች ነኝ፤ ድንች ይዤ የመጣሁት። ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ውሳኔውን እንደገና እንድታዩት አይደለም የምጽፈው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ከሙከራው በኋላ በነበሩት የመጨረሻ ደቂቃዎች ምን ባደርግ ይሻል ነበር? በሁለት መስመርም ቢሆን ከባዮሎጂ ኃላፊዋ ብሰማ ለሚቀጥለው ይጠቅመኛል።»

ለምን እንዲህ እንደጻፈችውም አስረዳች። ድንቹ የገባው ኃላፊዋ የትኛዋ እንደሆንኩ ወዲያው እንድታስታውስ ነው። ውሳኔውን የሚመለከተው ዐረፍተ ነገር ደግሞ የሰው ኃይሏን ልጅ ለማረጋጋት ነው፤ እሱ ከሌለ አታስተላልፈውም። ሌላ ቦታ ካለ አስታውሱኝ የሚል ነገር እንዳልጨምር ከለከለችኝ። ሁለት ጥያቄ የያዘ ማስታወሻ ሲመጣ ሰው ለቀላሉ መልሶ ዋናውን ይተወዋል።

ቁጥር 20 እና 21

በቋንቋው ተጣሉ። ሃያ በእንግሊዝኛ ይሁን አለ፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፣ ማስታወሻዋም እንደ ፈተና ትታያለች። ሃያ አንድ አማርኛ ይሁን አለች፤ በእንግሊዝኛ የጠየቁትን ሰው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ሁላችንም ጨዋዎች ነን፣ እውነቱን አንናገርም። እኔ በአማርኛ ላክሁት። ማን ልክ እንደሆነ ግን አሁንም አላውቅም።

ቁጥር 22

ነገሩን ሁሉ የሚጠራጠር ሰው ነው። ምናልባት ቦታው ገና ከመጀመሪያው ለውስጥ ሰው ተይዞ ነበር፤ የሚመልሱልሽ ደግሞ ፈልገው ያገኙትን ምክንያት ነው አለ። ቁጥር 6 አልካደችም። እሷ ጋም ደርሶባታል። መለያው ግን ይህ ነው አለች፦ እውነተኛ አስተያየት ከዲሞው ውስጥ አንድ የተባለ ወይም የተደረገ ነገር ይጠራል። ልምድ፣ ብቃት፣ ብርቱ ውድድር የሚሉ ቃላት ብቻ ከመጡ አመስግነሽ እለፊው።

ቁጥር 23

የእኔ ነው። መልስ መጣ! በሁለተኛው ቀን ኃላፊዋ ራሷ በቴሌግራም የአንድ ደቂቃ ድምፅ ላከችልኝ። የድንቹ ነገር ምንም አይደለም አለች፤ እንዲያውም ድንች ይዞ የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ነጥብ ያጣሁት ሌላ ቦታ ነው። ድንቹ አልታጠፍ ሲል ደንግጬ ወደ አማርኛ ገባሁና ጨው ውሃ ይስባል አልኩ። እሷ ልታወጣኝ ብላ፣ ተማሪ መስላ በጨው ፈንታ ስኳር ብናደርግስ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ስኳር እንደ ጨው አይስብም አልኩ። ሁለት ገምጋሚዎች ይዘት ማወቅ የሚለው ላይ ዝቅ አድርገው የሰጡኝ ለዚህ ነው። ውሃው በድንቹ ሴሎች ሽፋን በኩል ወዲያም ወዲህም ይሄዳል፤ ወደ ውጭ የሚሄደው የሚበልጠው ውጭ ያለው ውሃ በሟሟው ነገር ስለተጣበበ ነው፣ ጨውም ይሁን ስኳር ሥራው ያው ነው አለች። የስኳሩን ጥያቄ የጠየቀችው እሱን እንድል ነበር።

ጥያቄዋን አስታውሳለሁ። ልታጠምደኝ መስሎኝ ነበር።

ቁጥር 24

በኬሚስትሪ የተመረቀ ሰው ለእኔ ሊከራከር ተነሳ። በማንኪያ ከተለካ ጨው ከስኳር በጣም ይበረታል አለ። የስኳር ሞለኪውል ትልቅና ከባድ ነው፤ ጨው ደግሞ ሲሟሟ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በእኩል ክብደት የጨው ቅንጣቶች በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። እንደ ጨው አይስብም ማለት የጨውን ያህል አይደለም ማለትም ይሆናል፤ አማርኛው ሁለቱንም ይይዛል። የጂማው መምህር አልተቀበለውም። እሷ የጠየቀችው ስለ መጠን አይደለም፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ስኳር አይሠራም ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው፣ መሳብ የሚለው ቃልም ራሱ መታረም አለበት አለ። ኬሚስቱ ሁሉም መጽሐፍ በአማርኛ ሲያስረዳ ይስባል ነው የሚለው ብሎ መለሰ። እዚያው ላይ ናቸው። እኔ የትኛውን ለማለት እንደፈለግሁ ራሴም አላስታውስም፤ ያኔ ዓይኔ ያረፈው ዩኒት ሊደሩ መሐረብ ላይ ነበር።

ለኃላፊዋ የመለስኩት አንድ መስመር ነው። አመስግኛለሁ፤ የኬሚስቱን ክርክር አልላክሁላትም። ቁጥር 6 ይህን እንዳታደርጊ ብላ በግል ጽፋልኝ ነበር።

ቁጥር 25

ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ሁሉንም እንዳነበቡ ነገሩኝ፤ ስለ ስኳሩም ደስ ብሏቸዋል። ለመሆኑ ልጄ፣ ሁለቱን ኮፒ ወረዳ አስገባሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ።